የተከታታይ ቪዲዮ ርዕስ አሰያየም

ጥያቄ፦ «ስለ ፒያሳ አሮጌ ሕንፃዎች ዩቲዩብ ላይ ተከታታይ እሠራለሁ። ርዕሶቼ ዝብርቅርቅ ያሉ ናቸው፣ ሰው ፈልጎ አያገኛቸውም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ አድርግ። «ሕንፃ» እና «ህንጻ» ሲነበቡ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን መርጠህ በሁሉም ርዕስና በፕሌይሊስቱ ስም ላይ እሱኑ ጻፍ። ሌላውን አጻጻፍ ታግ ውስጥ አስገባው፤ ታግ ከዚህ ያለፈ ብዙም ፋይዳ የለውም።

ከዚያ የክፍሉን ጉዳይ አስቀድመህ የተከታታዩን ስም አስከትል፦

```
ጣይቱ ሆቴል | የፒያሳ ሕንፃዎች ክፍል 3
```

ርዕስ እስከ 100 ፊደል ቢፈቀድም ስልክ ላይ ረጅሙ መጨረሻው ይቆረጣል። በተከታታዩ ስም ከጀመርክ ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ፣ የሆቴሉ ስምም ሊደበቅ ይችላል።

ፕሌይሊስቱ «የፒያሳ ሕንፃዎች» ብቻ ይባል። ቅደም ተከተሉን ከአሮጌ ወደ አዲስ አድርገው፤ አለዚያ አዲስ ተመልካች ከመጨረሻው ክፍል ሊጀምር ይችላል። በቅንብሩ ውስጥ `Set as official series for this playlist` የሚለውን አብራ። አንድ ቪዲዮ ግን በዚህ ዓይነት ፕሌይሊስት ውስጥ የሚገባው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ «የአዲስ አበባ ሆቴሎች» የሚል ሌላ ስብስብ ካሰብክ እሱን ተራ ፕሌይሊስት አድርገው። የድሮዎቹንም ርዕስ ሳትፈራ ለውጥ፤ ሊንካቸው አይቀየርም።