ያቺ የሁለት ዓመት ልጅ ምኗ አደገ?

ባለፈው ሳምንት ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ደወለልኝ፣ አሁን ራሱ ሌክቸረር ሆኗል። "ጋሼ፣ ለፍሬሽማኖች የክፋትን ችግር ላስተምር ነው፣ ከየትኛው ቲዎዲሲ ብጀምር ይሻላል?" አለኝ። ደግና ሁሉን ቻይ አምላክ ካለ ክፋት ለምን አለ የሚለውን ጥያቄ ማለቱ ነው፣ ቲዎዲሲ ደግሞ አምላክ የፈቀደበት ምክንያት ይሄ ነው የሚል መልስ። እኔም እንደ ዋዛ "ከነፃ ፈቃድ ጀምር፣ እሱ ይቀላል" ብዬው ስለ ልጆቹ ጠይቄው ስልኩን ዘጋሁት። ከዛ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። የሰጠሁት መልስ ስህተት ነበር፣ ስህተት መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይሄን ለሱም፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቾክ ለምትይዙ ወጣቶችም (ማርከር ነው ለካ አሁን) እጽፋለሁ።

ነገሩ 1990 ዓ.ም. ነው። ማስተርሴን ይዤ ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴ፣ ኮቴ አዲስ፣ እውቀቴም አዲስ። ክላሱ ውስጥ ሰማንያ ምናምን ተማሪ ነበር፣ ከምሳ በኋላ ስለሆነ ግማሹ ያንቀላፋል። እኔ ግን ፈላስፋው ጆን ሂክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ፍቅር ይዞኝ ነበር። የሂክ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፤ ሰው ተጠናቆ አልተፈጠረም፣ ገና በመሠራት ላይ ያለ ነፍስ ነው፣ ትዕግስት፣ ርኅራኄ፣ ጀግንነት የሚባሉት ነገሮች ደግሞ መከራ በሌለበት ዓለም ሊበቅሉ አይችሉም። ማንም የማይራብበት ዓለም ላይ መለገስ የሚባል ነገር የለም። ሐሳቡን ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት ከኢሬኔዎስ ጋር ያያይዘዋል። ቦርዱ ላይ ትልቅ አድርጌ "ዓለም የነፍስ ትምህርት ቤት ናት" ብዬ ጻፍኩና ቾኩን ከእጄ እያራገፍኩ ጥያቄ አለ ወይ አልኩ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ከወሎ የመጣ ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ፣ ሁሉንም ነገር ደብተሩ ላይ የሚገለብጥ። እጁን አወጣ። "መምህር፣ በ77 ቆረም መጠለያ ነበርን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እህቴ ሁለት። እሷ እዛው ሞተች። ነፍስ በመከራ ታድጋለች ካሉ የሷ ምኗ ነው ያደገው?"

ክላሱ ጸጥ አለ፣ ያንቀላፉትም ነቁ። እኔ እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ወይ ደግሞ "ይቅርታ፣ ይሄን አላውቅም" ማለት። ግን የሃያ ስምንት ዓመት መምህር ሰማንያ ሰው ፊት አላውቅም አይልም። "እድገቱ የግድ የተጎጂው መሆን የለበትም፣ ያዩት፣ የተረፉት፣ ከሩቅ ሰምተው እርዳታ የላኩት ሰዎች ርኅራኄም እድገት ነው" አልኩት። አሁን ስጽፈው ራሱ ፊቴ ይግላል።

ልጁ ትንሽ አሰበና "ስለዚህ እሷ የሞተችው ለኔ ትምህርት እንድትሆን ነው?" አለኝ። በንዴት አልነበረም እኮ፣ በትክክል ለመረዳት ፈልጎ ነው። እኔ "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን" አልኩ። አልተመለስንበትም። የባሰው ግን ፈተናው ነው። የሂክን ቲዎዲሲ አብራራና ገምግም ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ያ ልጅ የኔን ሌክቸር ቃል በቃል ጻፈው፣ ርኅራኄውንም፣ ከሩቅ የተላከውን እርዳታም። ስለ እህቱ አንዲት ቃል የለችበትም። 25 ከ25 ሰጠሁት። ወረቀቱን ስመልስለት አመሰገነኝ።

ልጁ የጠየቀው የግል ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ በፍልስፍና ከባድ የሚባለውን ተቃውሞ ነው በራሱ መንገድ ያገኘው። አንድን ሰው ለሌላው ጥቅም መሣሪያ አድርጎ መጠቀም ክፉ ከሆነ፣ ፍጹም ደግ የሆነ አምላክ የሁለት ዓመት ልጅን ለሌሎች ማስተማሪያ ያደርጋታል ብሎ መከራከር ሐሳቡን ራሱን ያፈርሰዋል። ሂክም ይሄ አልጠፋውም ነበር። መከራ የሚያደቀው ከሚያሳድገው እንደማያንስ በግልጽ ይቀበላል፣ ለዚህ ነው የነፍስ እድገት ከሞት በኋላም ይቀጥላል ለማለት የተገደደው፣ ትርጉም የለሽ የሚመስለውን መከራ ደግሞ ምስጢር ብሎ ነው የተወው። ማለትም ከሞት በኋላ ሕይወት ከሌለ የሂክ ቤት ምሰሶ የለውም። እኔ ይሄን አንብቤው ነበር ግን አላስተማርኩትም፣ ሌክቸሩን ያበላሽብኛል ብዬ።

እንግዲህ "ከየትኛው ልጀምር" ላልከኝ፣ ከቲዎዲሲ አትጀምር። መጀመሪያ ከቃሉ ጀምር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ቢባልም ሁላችንም ስናብራራ ወደ አማርኛ እንገባለን፣ እዛ ጋ ወጥመድ አለ። በአማርኛ "ክፋት" ስትል ተማሪው የሚያስበው ክፉ ሰው ነው፣ ምቀኛ፣ ነፍሰ ገዳይ። ድርቅን ክፋት የሚለው የለም፣ ድርቅ መከራ ነው። ስለዚህ "የክፋት ችግር" ብለህ ከጀመርክ ነፃ ፈቃድ ሁሉን የሚመልስ ይመስላቸዋል፤ ሰው ክፉ ሆነ፣ እግዚአብሔር ምን ያድርግ፣ አለቀ። እኔ በኋላ ዓመታት "የክፋትና የመከራ ጥያቄ" ማለት ጀመርኩ፣ ክላሱ በሙሉ ተለወጠ።

77ን ራሱን ውሰዱት። ዝናብ ቀረ፣ ይሄ መከራ ነው። ግን በሰሜን ጦርነት ነበር፣ ሕዝቡ እየረገፈ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ያከብር ነበር፣ ይሄ ክፋት ነው። ሁለቱን በምላጭ ለይቶ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ያቺ ልጅ የሞተችው በሁለቱም ነው። ነፃ ፈቃድ የሚደርሰው እስከ ባለሥልጣኑና እስከ ወታደሩ ነው፣ ዝናቡ ጋ አይደርስም። በዛ ላይ የማን ነፃነት ተጠበቀ ብላችሁ ጠይቁ። የባለሥልጣኑ። የልጅቷ ፈቃድ እኮ ገና አልተጀመረም ነበር።

ቀጥሎ ጥያቄው ሁለት መሆኑን አሳዩአቸው። ፈላስፋው ማኪ እ.ኤ.አ. በ1955 ያነሳው ክስ ከባድ ክስ ነው፤ አምላክ ሁሉን ይችላል፣ ፍጹም ደግ ነው፣ ክፉ ነገር ግን አለ፣ ሦስቱ አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም ይላል። ሦስቱን ቦርድ ላይ ጻፉና የትኛውን እናጥፋ ብላችሁ ጠይቁ። የኛ ተማሪ መጀመሪያ የሚያጠፋው ሦስተኛውን ነው፣ "ፈተና ነው እንጂ ክፉ አይደለም" ይላል። ተዉት ያጥፋ፣ ከዛ ቆረምን አስታውሱት። ለማኪ ሌላው ፈላስፋ ፕላንቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1974 የሰጠው መልስ ፍርድ ቤት እንደቆመ ጠበቃ ነው። አቃቤ ሕግ "ቤቱ ውስጥ ከሱ በቀር ማንም ሊገባ አይችልም" ካለ ጠበቃው ሌባውን መያዝ የለበትም፣ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው ሊኖር እንደሚችል ካሳየ በቃው። መከላከያ የሚባለው ይሄ ነው። ቲዎዲሲ ግን ሌባው እገሌ ነው ብሎ መናገር ነው፣ አምላክ መከራን የፈቀደበት ምክንያት ይሄና ይሄ ነው ማለት። ሸክሙ በጣም ይለያያል። እኔ ለዛ ልጅ ጠበቃ መሆን ሲበቃኝ መርማሪ ሆኜ ቀረብኩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ፕላንቲንጋ ለተፈጥሮ አደጋ ሲከላከል ምናልባት ሰይጣንና ጭፍሮቹ በነፃ ፈቃዳቸው የሚያደርጉት ሊሆን ይችላል ይላል። ውጭ አገር ይሄን ስማር ክላሱ ሳቀ። እዚህ ሳስተምረው ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱም "ታዲያ ይሄማ ይታወቃል" አለኝ። የዛኛው ክላስ ችግር መናቁ ነበር፣ የኛው ችግር ማመኑ ነው፣ ሁለቱም ነጥቡን ይስታሉ። ፕላንቲንጋ የሚያስፈልገው "ሊሆን ይችላል" ብቻ ነው እንጂ "ሆኗል" አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የፈላስፋው የሮው ነው፣ እ.ኤ.አ. 1979። መብረቅ ጫካ አቃጠለ፣ አንዲት የአጋዘን ግልገል ተቃጥላ ለቀናት ተሰቃይታ ሞተች፣ ማንም አላያትም። ሮው አይቻልም አይልም፣ ለዚህ ምክንያት ይኖራል ብሎ ማመን ይከብዳል ነው የሚለው። ጠበቃው እዚህ ብዙም አይረዳም። ደግሞ ግልገሏን ተጠቀሙባት ብዬ እመክራለሁ፣ ማንም ክላስ ውስጥ የግልገሏ ወንድም የለም። አዎ፣ ቅድም ቆረምን አስታውሱ ብያለሁ። ሁለቱንም ብያለሁ፣ የትኛው እንደሚሻል እስከዛሬ አልቆረጥኩም። መጽሐፎቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1755ቱ የሊዝበን መሬት መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ግን ያናድደኛል፣ እኛ ሊዝበን ምን ልንሠራ እንሄዳለን?

አሁን ያሉ ልጆች ደግሞ ሌላ ናቸው። የሁለት ደቂቃ ክሊፕ አይተው "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ተመልሷል" ይላሉ። ጥያቄው ሳይገባቸው መልሱ አላቸው፣ የኛዎቹ ቢያንስ ዝም ይሉ ነበር። ቆይ ግን፣ ዝምታው ነው እኮ ያን ልጅ የጎዳው፣ እንግዲህ የዛሬዎቹ መጨቃጨቃቸው ሳይሻል አይቀርም።

ስለመጨቃጨቅ ካነሳሁ፣ ከዓመታት በኋላ "ምናልባት ሕፃኑ ቢያድግ ምን ሊሆን እንደሚችል አምላክ አውቆ ይሆናል" የሚለውን መልስ ሳስረዳ አንዲት ሙስሊም ተማሪ ከኋላ ተነስታ የጥንቱ የእስልምና ሊቅ አል-አሽዓሪ መምህሩን አል-ጁባኢን ጠየቀው ተብሎ የሚተረከውን የሦስት ወንድማማቾች ታሪክ ነገረችን። አንዱ አማኝ፣ አንዱ ከሃዲ፣ አንዱ በሕፃንነቱ የሞተ። ሕፃኑ ለምን ዕድሜ አልሰጠኸኝም፣ እኔም በሥራዬ ከፍ እል ነበር ቢል አላህ "ብታድግ ትክድ እንደነበር አውቄ፣ ለራስህ ብዬ ነው" ይለዋል። ያኔ ከሃዲው ከጀሀነም "ታዲያ እኔንስ ለምን በሕፃንነቴ አልገደልከኝም?" ብሎ ይጮኻል። መምህሩ መልስ አጣ ይባላል። እኔም አጣሁ፣ ግን በዚህኛው ጊዜ አላውቅም አልኩ፣ ቃሉም ጉሮሮዬ ላይ አልተሰነቀረም። የዛን ቀን ክላሱ ሰዓት ካለፈ በኋላም አልወጣም ነበር።

ስለ ግሬዲንግና ስለ አቴንዳንስ ምንም አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ፈተና ላይ ግን "አብራራና ገምግም" አትበሉ። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የምጠይቀው እንዲህ ነበር፤ አንድ ቲዎዲሲ ምረጥ፣ የማይደርስለትን አንድ ተጎጂ አሳይ፣ ከዛ የቲዎዲሲው ደጋፊ ምን ብሎ እንደሚመልስ ጻፍ። በዚህ ጥያቄ የኔን ሌክቸር ገልብጦ 25 ያገኘ ሰው የለም።

የሂክን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ በልጄ በኩል እልክልሃለሁ፣ ከዛው ከድሮው መጽሐፌ ነው። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ "አሳማኝ!" ምናምን የሚል ታያለህ፣ ዝም ብለህ እለፈው፣ ያኔ የጻፍኩት ነው።