ስፋቱ ከወጣው ዘንግ አይቆጠርም
«ቀጣዩን ትልቅ ቁጥር በስታክ ሠርቼው ነበር። በሂስቶግራም ውስጥ ትልቁን አራት ማዕዘን እንዲፈልግ ስቀይረው ግን `[2,1,2]` ላይ በ3 ፈንታ 2 ይሰጠኛል። ለምን?»

ስፋቱን ስታሰላ የወጣውን ኢንዴክስ ከ`i` ቀንሰህ ይሆናል። ለቀጣዩ ትልቅ ማን እንዳስወጣው ማወቅ በቂ ነው። እዚህ ግን ዘንጉ የግራ ድንበርም አለው፤ እሱም ካወጣኸው በኋላ ስታኩ አናት ላይ የቀረው ነው።

```
h = a[st.pop()]
w = i - (st[-1] if st else -1) - 1
```

የአንተኑ ምሳሌ እንየው። መሀል ያለው ባለ 1 ቁመት የሚወጣው `i` 3 ሲደርስ ነው። `3 - 1` ካልክ ስፋቱ 2 ይሆናል። ከግራው የነበረው ዘንግ ግን ቀድሞ ወጥቷል፣ ስታኩ ባዶ ነው። ስለዚህ `3 - (-1) - 1`፣ ማለትም 3።

ኮዱ እንዲህ ሆኖም 2 ካለህ፣ መጨረሻ ላይ ባለ 0 ቁመት ዘንግ አልጨመርክም ማለት ነው። ያኔ ባለ 1ዱ ጭራሽ አይወጣም። እኔን አንድ ምሽት ሙሉ ያንገላታችኝ ይቺ ናት።