ቅሬታሽ የት ጋ እንደጠፋ ተከተዪ

ጥያቄ፦ «ከፍቅረኛዬ ጋር የተጻጻፍነውን መልሼ ሳነበው ግራ ይገባኛል። እየተጫወተብኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?»

መልስ፦ አንዱን መልእክት ነጥለሽ አትመዝኚ። ቅሬታ ያነሳሽበትን ቦታ ፈልጊና ከዚያ ወደ ታች አንብቢ። ለምሳሌ «ትናንት ሰው ፊት ሰደብከኝ» አልሽው እንበል። «መቼ? ከራስሽ ፈጥረሽ ነው» ካለሽ፣ የገዛ ትዝታሽን እንድትጠራጠሪ እየገፋሽ ነው። ጋዝላይቲንግ የሚሉት ይሄንን ነው። ቀጥሎ «ስንት ነገር ሆኜልሽ እንዲህ ትዪኛለሽ?» ይመጣል። አሁን ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ ሆንሽ። ማታ ደግሞ «ያላንቺ መኖር አልችልም» የሚል የፍቅር ናዳ ይወርዳል። ስድቡስ? ተረሳ!

በእርግጥ ሰው ይረሳል። «አላስታውስም፣ ግን ከጎዳሁሽ ይቅርታ» የሚል ሰው ጋዝላይት እያደረገሽ አይደለም። ሦስት አራት ቅሬታዎችሽን እንዲሁ ተከታተዪ። ሁሉም በዚሁ መንገድ ከጠፉ፣ አላካበድሽም።