ሞዴሉ ሰልጥኖ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ቢል

ጥያቄ፦ "ሰላም፣ ደንበኞች የሚልኩትን የአማርኛ መልእክት ቅሬታ፣ ጥያቄ፣ ምስጋና እያለ የሚለይ ሞዴል ሴጅሜከር ላይ አሰልጥኜ ነበር። ትሬይኒንጉ ml.g4dn.xlarge ላይ 6 ሰዓት ፈጅቶ 5 ዶላር እንኳን አልሞላም። አሁን በቀን ቢበዛ 300 መልእክት ነው የሚገባው፣ ኖትቡኩንም አጥፍቼዋለሁ። የወሩ ቢል ግን ወደ 530 ዶላር መጣ፣ ምንድነው የሚበላኝ?"

ሰላም ወንድሜ፣ የሚበላህ ኤንድፖይንቱ ነው። ኖትቡኩ ላይ deploy() ብለህ ስታስኬደው ሴጅሜከር ለብቻው ሌላ ማሽን አስነስቶልሃል፣ ያ ማሽን ከኖትቡኩ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ኖትቡኩን ብታጠፋው ላፕቶፕህንም ዘግተህ ብትተኛ እሱ እዛው በርቶ ጥያቄ እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ ይሄን እይ፦

```
aws sagemaker list-endpoints --status-equals InService
```

ስሙ ከወጣ እየከፈልክ ነው ማለት ነው። ሂሳቡም ልክ ይመጣል፣ g4dn.xlarge ቨርጂኒያ ሪጅን ላይ በሰዓት ወደ 0.74 ዶላር ነው፣ 6 ሰዓት ስታሰለጥንበት 4 ዶላር ተኩል ገደማ፣ በወር 720 ሰዓት በርቶ ሲቆይ ደግሞ ያው ያየኸው 530። ማሽኑ አንድ አይነት ነው ዋጋውም ያው፣ ልዩነቱ ማን ያጠፋዋል የሚለው ላይ ነው። ትሬይኒንግ ጆብ ሲያልቅ ሞዴሉን S3 ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ራሱ ይመልሳል፣ የሰራበትን ሰከንድ ብቻ ትከፍላለህ። ኤንድፖይንት ግን መኪና ከነሹፌሩ በኮንትራት ይዘህ በር ላይ እንደማቆም ነው፣ ተሳፈርክ አልተሳፈርክ ይቆጥራል።

ያንተን ስራ እስቲ እንየው። 300 መልእክት እያንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ በቀን 150 ሰከንድ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል። አንተ የምትከፍለው ለ24 ሰዓት ነው። ክላውድዋች ላይ GPUUtilization ብትከፍት ቀኑን ሙሉ ዜሮ ላይ ተኝቶ ታየዋለህ፣ እንደዛ ከሆነ ጂፒዩው አያስፈልግህም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ኦቶስኬሊንግ አድርግ" ይልሃል፣ አይፈታልህም። በኖርማሉ ሪልታይም ኤንድፖይንት ኦቶስኬሊንጉ የሚወርደው እስከ 1 ማሽን ነው፣ አንተ ደግሞ አሁንም ያለህ 1 ነው፣ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም። ኦቶስኬሊንግ የሚጠቅመው ጥያቄው ሲበዛ ነው፣ እሱም ቢሆን አዲሱ ማሽን ተነስቶ ሞዴሉን እስኪጭን ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ድንገት ለሚመጣ ጎርፍ አይደርስም። ትሬይኒንግ ላይ ሌላ ነው፣ ማሽን የምትጨምረው ቶሎ እንዲያልቅ ነው፣ ሁለት ማሽን ለግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ማሽን ለአንድ ሰዓት ብትከፍል ሂሳቡ ተቀራራቢ ነው። ደግሞ ትሬይኒንግ ቢቋረጥ ችግር የለውም ቼክፖይንት ካስቀመጥክ፣ ለዛ ነው ስፖት ማሽን፣ ማለትም በፈለጉ ሰዓት መልሰው የሚወስዱብህን ማሽን፣ በርካሽ የሚሰጡህ። ደንበኛ መልስ እየጠበቀ ግን ማሽኑን ቢወስዱብህ አስበው፣ ኤንድፖይንት ላይ ስፖት የሚባል ነገር የሌለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ፣ NAME የሚለው ላይ ቅድም የወጣልህን ስም አስገብተህ ዛሬውኑ አጥፋው፦

```
aws sagemaker delete-endpoint --endpoint-name NAME
```

አትፍራ፣ ሞዴሉ አይጠፋም፣ ኤንድፖይንት ኮንፊጉም እዛው ይቀራል፣ ስትፈልግ ከሱ መልሰህ ታስነሳዋለህ። ከዛ ያንኑ ሞዴል በሰርቨርለስ ኢንፈረንስ አውጣው፣ ሜሞሪውን 4096 MB አድርገህ ጀምር። ክፍያው ሞዴሉ ለሰራበት ጊዜ ብቻ ነው፣ ባንተ ብዛት ሲፒዩ ላይ አንድ መልእክት አንድ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳን ወሩ ከሁለት ዶላር አይዘልም። ኮንቴይነሩ ግን የጂፒዩ ኢሜጅ ከሆነ በሲፒዩው ቀይረው፣ ሰርቨርለስ ጂፒዩ የለውም፣ ሜሞሪውም ከ6144 MB አያልፍም፣ ትልቅ ላንጉጅ ሞዴል ለማስገባት አታስብ።

የሚያስቸግርህ ኮልድ ስታርት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ጥያቄ ካልመጣ ያጠፋዋል፣ ከዛ በኋላ የመጀመሪያው መልእክት ሞዴሉ እስኪጫን ይጠብቃል፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ModelSetupTime የሚለው ሜትሪክ ላይ ታየዋለህ። ደንበኛው ስክሪን ላይ መልስ የሚጠብቅ ካልሆነ፣ መልእክቱን መድቦ ለሰራተኛ ማስተላለፍ ብቻ ከሆነ፣ ማንም አያስተውለውም። ጭራሽ ማታ ተሰብስቦ ቢሰራ የሚበቃህ ከሆነ ባች ትራንስፎርም አለልህ፣ እሱ እንደ ትሬይኒንጉ ተነስቶ ሰርቶ ይጠፋል። ኮልድ ስታርቱን ጨርሶ አልችልም ካልክ ደግሞ ml.m5.large ላይ ሪልታይም አድርገው፣ በሰዓት 0.115 ዶላር ነው፣ ወሩን ሙሉ በርቶ 83 ዶላር ገደማ፣ ለ300 መልእክት ያም ቢሆን እኔ አልከፍለውም።