ቁጥሩ እውነተኛ፣ ጆርናሉ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል

«ክቡር የአምዱ አዘጋጅ፦ በሳቢያን አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ናይትሬት ላይ የሠራሁትን የማስተርስ ጥናት በኢሜይል ለጋበዘኝ አንድ የውጭ ጆርናል ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ተቀባይነት ማግኘቱን ገልጸው በ48 ሰዓት ውስጥ 180 ዶላር እንድከፍልና ኢስታንቡል በሚያካሂዱት ጉባኤ ላይ እንዳቀርበው ጠየቁኝ። ስኮፐስ በተባለው የጥናት ጆርናሎች ማውጫ ተመዝግበናል ይላሉ፤ የአይኤስኤስኤን ቁጥራቸውም ትክክለኛ ሆኖ አገኘሁት። ልክፈል?»
ሰ.፣ ከድሬዳዋ

ውድ ሰ.፦ ለጊዜው ገንዘብ አይላኩ፤ የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ቅጽም አይፈርሙ። አይኤስኤስኤን የኅትመት መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ምስክር አይደለም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ አጭበርባሪዎች የአንድን እውነተኛ ጆርናል ስምና ቁጥር ወስደው ሌላ ድረ ገጽ ይከፍታሉ፤ ጠያቂውም ቁጥሩን ሲፈልግ የሚያገኘው የእውነተኛውን መዝገብ ስለሆነ በቀላሉ ይታለላል።

ስለዚህ ምርመራውን ከእነርሱ ገጽ አይጀምሩ። ቁጥሩን በ scopus.com/sources ላይ ያስገቡና አሳታሚው ማን እንደሆነ፣ ምዝገባውም እስከ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ ይመልከቱ፤ ተቋርጦ ከሆነ የእርስዎ ጽሑፍ እዚያ አይገባም። ቀጥሎ በ search.crossref.org በጆርናሉ ስም ከዓመታት በፊት የወጣ አንድ ጽሑፍ ይፈልጉና ዲኦአይ የተባለውን የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር በ doi.org ላይ ያስገቡ። የሚወስድዎት ገጽ ገንዘብ ከጠየቀዎት ገጽ የተለየ ከሆነ፣ ለእውነተኛው ጆርናል ዋና አዘጋጅ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ጽፈው ያረጋግጡ።

የገምጋሚዎችን አስተያየትም በጽሑፍ ይጠይቁ። የናይትሬትን ጥናት በትክክል ያነበበ ገምጋሚ ናሙናው በበጋ ይሁን በክረምት እንደተወሰደ፣ ላቦራቶሪ እስኪደርስም እንዴት እንደተጠበቀ መጠየቁ አይቀርም፤ «ጥሩ ሥራ ነው፣ ሰዋስዉ ይታረም» የሚል ሁለት መስመር ብቻ ከመጣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጉባኤውን በተመለከተ ፕሮግራሙን ይዩት፤ የውኃ ኬሚስትሪ፣ የጥርስ ሕክምናና የሒሳብ አያያዝ በአንድ ቀን በአንድ ሆቴል ከተደረደሩ አይሂዱ።

ክፍያው አነስተኛ መሆኑም አያታልልዎት። ኢትዮጵያ ለታዳጊ አገሮች የጥናት ጽሑፎችን በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ምድብ «ሀ» ውስጥ ስለምትገኝ፣ ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ለማንም አንባቢ በነፃ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ከአገራችን ተመራማሪዎች የኅትመት ክፍያ አይጠይቁም። ነገር ግን የክፍያ ነፃነቱን አስቀድሞ፣ ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ መጠየቅ ይገባል፤ ከተቀባይነት በኋላ የሚቀርበውን ብዙዎቹ አይቀበሉም።

ጥርጣሬው ከተረጋገጠ ጽሑፉን ማንሳትዎን በኢሜይል አሳውቀው ቅጂውን ያስቀምጡ፤ ለአማካሪዎም ያሳዩ። «የማንሻ ክፍያ» ቢጠይቁም አይክፈሉ። ይህን ሳይዘገዩ ያድርጉ፤ አንዴ በገጻቸው ላይ ከለጠፉት ሌላ ጆርናል ቀድሞ እንደታተመ ቆጥሮ ሊመልስብዎት ይችላል።