አርመህ ስትልክለት ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፍለት

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ፣ የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ልጅ ጎበዝ ነው ግን ጽሑፉን ሁሌ እኔ ነኝ የማርመው። አርሜ እልክለታለሁ፣ እሺ አመሰግናለሁ ይላል፣ በቀጣዩ ስብሰባ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ወንድሜ እኔ እዚሁ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤና ሪፖርት ስጽፍና ሳርም ነው የኖርኩት፣ ሠልጣኞችም ይመጡልናል፣ ስለዚህ ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ልጁ እጅ የሚገባው ያለቀለት ንጹሕ ጽሑፍ ነው አይደል? እሱን ደግሞ አትሞ ያስፈርመዋል በቃ፣ የቱ ቃል ለምን እንደተቀየረ ማን ተመልሶ ያያል።

እና የቀየርከው ነገር ይታየው፣ ወርድ ላይ ከሆነ ትራክ ቼንጅ አብራው፣ ወረቀት ከሆነ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከዛ አጠገቡ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፍለት። በመስመሯ ውስጥ ምን አይተህ እንደቀየርክና እንደዛ ያለ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ይኑር።

ቃለ ጉባኤ ላይ በጣም የሚበዛውን ልንገርህ። «ኮሚቴው አዲሱ መጋዘንን ጎበኘ» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ «ን ቦታዋ አይደለም» ብለህ ብትተውለት ስህተት እንዳለ ነው የነገርከው፣ ቦታዋ የት እንደሆነ ግን አልነገርከውም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «መጋዘን ፊት ‹አዲሱ› የሚል ገላጭ አለ፣ እንዲህ ሲሆን ን ገላጩ ላይ ትገባለች፣ አዲሱን መጋዘን።» በቃ ይሄው ነው። ተሳቢ፣ ቅጽል፣ ምናምን እያልክ ግማሽ ገጽ ብትጽፍለት አያነበውም፣ እመነኝ።

ከዛ እዛው ጽሑፍ ላይ ዝቅ ብሎ «የሰብሳቢው ሪፖርትን አዳመጠ» የሚል ታገኛለህ። እሱን አታርመው! አስምርበትና «እንደ አዲሱ መጋዘን» ብለህ ብቻ መልስለት። ራሱ «የሰብሳቢውን ሪፖርት» ላይ ሲደርስ ነገሩ አዲሱ፣ ትልቁ ለሚሉት ብቻ እንዳልሆነና በ«የ» ለሚጀምረውም እንደሚሠራ ያያል፣ ይሄን አንተ ከምትነግረው እሱ ቢያገኘው በጣም ይለያል።

አንዲት ሠልጣኝ ነበረችን፣ ይህችን ከያዘች በኋላ «ማኅበሩ አዲስን መጋዘን ተከራየ» ብላ መጣች። እንዲህ ያለ አዲስ ስህተት ስታይ እንዳትናደድ፣ ደንቡ ገብቷታል ማለት ነው፣ የት ላይ እንደሚያቆም ግን ገና አላወቀችም። የጻፍኩላት «የትኛው መጋዘን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ ተለይቶ ካልታወቀ ን አያስፈልገውም፣ አዲስ መጋዘን ተከራየ» የሚል ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለአስጎብኚዎች በምንጽፈው ሪፖርት ላይ «እንግዶቹ የፋሲልን ግንብ ጎበኙ» ብላ በትክክል ጻፈችና፣ ታዲያ «ፋሲል ግንብን ጎበኙ» የሚሉት ተሳስተው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተሳሳቱም። «የ» ስትወጣ ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ሆኑ፣ ስም ደግሞ አይከፈልም፣ ን መጨረሻው ላይ ትቀመጣለች፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን እንላለን እንጂ ጎንደርን ዩኒቨርሲቲ የሚል ሰው የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣልህ ምክንያት መጻፍህ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሁሉንም ስህተት ግን አታብራራ፣ ገጹ ቀይ ሆኖ ሲመጣለት የቱን እንደሚይዝ አያውቅም። የተደጋገመውን አንድ ወይ ሁለት ምረጥ፣ የእጅ ስህተት የሆነውን የፊደል ግድፈት ዝም ብለህ አስተካክል፣ «አባላቶች» ያለውን «አባላት ራሱ ብዙ ነው፣ እንደ ቃላትና መምህራን» ብለህ እለፈው። ሥራን በሠ ወይስ በሰ የሚለው ደግሞ በጆሮ የሚለይ ነገር አይደለም፣ ምክንያት አትፍጠርለት፣ ማኅበሩ የሚጽፍበትን ነግረኸው በዛው ይጽና። አንተ ስለምትወደው ብቻ የቀየርከው ነገር ካለም አጠገቡ «ምርጫ» ብለህ ጻፍ፣ አለበለዚያ ደንብ መስሎት የሌላውን ሰው ትክክለኛ ጽሑፍ ማረም ይጀምራል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

መማሩን የምታውቀው ደግሞ ያረምክለትን ገልብጦ ሲያመጣ አይደለም፣ አንተ ነክተኸው በማታውቀው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በቀጣዩ ቃለ ጉባኤ «ጉባኤው ያለፈውን ሳምንት ውሳኔ አጸደቀ» ብሎ ራሱ ከጻፈ ን አልቃለች፣ ወደ ሌላው ስህተት እለፍ። «ያለፈው ሳምንት ውሳኔን» ካለ ግን አሁንም አታርምለት፣ የመጋዘኗን መስመር ፈልጎ እንዲያነባት አድርግ።