ሽማግሌ ልጠራብህ አይደለም

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሳይነግረኝ ለቤተሰቡ በሚልከው ብር። አማካሪ ጋ እንሂድ ልለው አፌን ስከፍት ጠብ ይሆናል። በደብዳቤ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

እህቴ፣ የኛም ቤት ጠብ ይኸው ነበር፤ የፈታነውም ከደብዳቤ ጀምረን ነው።

መጀመሪያ፣ ባልሽ «አማካሪ» የሚለውን ሲያነብ የሚመጣበት ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ሁለቱንም ሰምቶ ጥፋተኛውን ይለያል፣ ይቅር ያባብላል። ስለዚህ «ልታስፈርድብኝ ነው፣ ገበናችንም ሊወጣ ነው» ብሎ ይደነግጣል። አማካሪ አይፈርድም። ጭቅጭቁ እንዴት እንደሚጀመርና የት ላይ እንደሚከር ነው የሚያሳያችሁ። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ሽማግሌ ልጠራብህ አይደለም። ማናችን ልክ እንደሆንን እንዲነገረኝም አልፈልግም። አማካሪው ከዘመድም ከሰፈርም ውጭ ይሆናል።»

ከዚያ አንድ ገጠመኝ ብቻ ጻፊ። የዓመታቱን ሁሉ ከዘረዘርሽው የክስ መዝገብ ነው የሚሆነው፣ እሱም መከላከያውን እያሰበ ያነበዋል። የኔ ይህ ነበር፦

«ለእናትህ መታከሚያ መላክህን የሰማሁት ከእህትህ ነው። ያስከፋኝ ብሩ አይደለም፣ ከሌላ ሰው መስማቴ ነው። ላናግርህ ስጀምር ወጥተህ ሄድክ። ሁሌ እዚህ ላይ ይቆማል።»

«አንተ ሁልጊዜ» የሚል የለበትም። ባለትዳሮችን ለረጅም ጊዜ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን፣ በወቀሳ የተጀመረ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መንፈስ ያልቃል ይላል። ደብዳቤም ያው ነው።

ጥያቄሽ ትንሽ ይሁን፦ «ሦስት ጊዜ ብቻ እንሂድ። አማካሪውን አንተ ምረጥ። ካልጣመህ እናቆማለን። መልሱን ዛሬ አልፈልግም።» አንዴ ብቻ ከሆነ አይበቃም፣ የመጀመሪያው ቀን ታሪካችሁን በመጠየቅ ያልቃል። «አለበለዚያ እፋታለሁ» ግን እንዳትይ። ያን ካልሽ አማካሪው ይረሳና ስለ ፍቺው ነው የምትጣሉት።

በወረቀት ጻፊው። በቴሌግራም ከላክሽው ሥራ ላይ ሆኖ ያነበዋል፣ እዚያው መልስ ይጽፋል፣ ጠቡ ይቀጥላል። በተጣላችሁ ማግስትም አትስጪው።

የኔው ሰውዬ ለቀናት ዝም አለ። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን «ስንት ያስከፍላል?» አለኝ። በኛ ቤት ይህ እሺ ማለት ነው! አስቀድሜ ደውዬ ስለነበር መልሱ በእጄ ነበር። አንቺም ስትደውዪ ዋጋውን ብቻ አትጠይቂ። ባልና ሚስትን አብሮ ማማከር ሠልጥኖ እንደሆነ፣ አንዳችሁ ለብቻው የነገረውን ለሌላው ይናገር እንደሆነም ጠይቂ።

ደግሞ፣ ከጭቅጭቁ ጋር ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ይህን ደብዳቤ ተዪው። አማካሪው ፊት የተናገርሽው ቤት ስትገቢ ሊያስመታሽ ይችላል። መጀመሪያ ለብቻሽ አማካሪ አናግሪ።